ሦስት ሚሊዮን ብር ይዞ ጡረታ መውጣት፦ በወር ስንት ይወጣበታል? (የጅማ አንድ ቤተሰብ ጉዳይ)

ጋሼ ከአንድ የቡና ማበጠሪያ ድርጅት ጡረታ የወጡት በ60 ዓመታቸው፣ በ2016 ክረምት ነው። ባለቤታቸው እትዬ ያኔ 56 ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፣ የጻፍኩትም ፈቅደውልኝ ነው። ቤታቸው የራሳቸው ነው፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ብዙ አይርቅም፣ ከጀርባው ሰፊ ባዶ ግቢ አለው። ልጆቹ አድገዋል፤ ታናሿ ብቻ ገና አላገባችም።

እጃቸው ላይ የነበረው ገንዘብ ከሦስት ቦታ የመጣ ነው። የድሮው የፕሮቪደንት ፈንድ፣ ለዓመታት ያጠራቀሙት ቁጠባ፣ እና ከወንድማቸው ጋር በጋራ የነበራቸው አይሱዙ ሲሸጥ የደረሳቸው ድርሻ። አንድ ላይ 3 ሚሊዮን ብር ሆነ። በዚህ ላይ የወር ጡረታ አለ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ የወጣው ዘግይቶ ስለሆነ የተቆጠረላቸው አገልግሎት 14 ዓመት ብቻ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። በድምሩ 35 በመቶ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዛቸው 16,000 ስለነበር ጡረታቸው 5,600 ብር ሆነ።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ጎረቤትም ነኝ። የጠሩኝ ምክር ሊጠይቁኝ አይደለም፣ የወሰኑትን እንዳጸድቅላቸው ነው። ውሳኔያቸው ይህ ነበር። አንድ ባንክ ለሦስት ሚሊዮኑ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ 12 በመቶ ወለድ ሊሰጣቸው ተስማምቷል። ታክሱና ሌላ ሌላው ሲነሳ 11 እንበለው። በዓመት 330 ሺህ ብር ነው። «በወር 25 ሺህ ባወጣ በዓመት 300 ሺህ ነው፤ ዋናው አይነካም፣ እንዲያውም 30 ሺህ ይተርፋል። ምን ያስጨንቃል ልጄ?» አሉኝ። ከጡረታው ጋር 30,600 ይመጣል። ደመወዙና የመኪናው ገቢ ተደምሮ ከለመዱት ብዙ የማይርቅ ነው።

በወረቀት ላይ ልክ ናቸው። ዋናው ብር አይነካም። 20 ዓመት ቢኖሩ ከ20 ዓመት በኋላም ሦስት ሚሊዮኑ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ችግሩ የዚያን ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ምን ይገዛል የሚለው ነው።

ይህን ያስረዳው የእኔ ካልኩሌተር አይደለም፣ የእትዬ ደብተር ነው። እትዬ የወር አስቤዛ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ የዘይቱንም፣ የሽሮውንም፣ የመብራቱንም፣ የእድሩንም። የ2013 መስከረምን ገጽና የ2017 መስከረምን ገጽ ጎን ለጎን ዘረጉት። ያው ቤት፣ ያው ሰው፣ ያው ዕቃ፤ እንዲያውም ሥጋው ቀንሷል። በ2013 የወሩ ድምር 5,400 ብር ነው። በ2017 ደግሞ 13,100። በአራት ዓመት ሁለት እጥፍ ከግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ጋሼ ገጹን አገላበጡት፣ ድምሩን በጣታቸው እየተከተሉ እንደገና ደመሩ፣ ከዚያ ዝም አሉ። «ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ ስከፍል የነበርኩት?» አሉ። «አንተ ደመወዝ ሲጨመርልህ አይታወቅህም ነበር እኮ» አሏቸው እትዬ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛ ሲሆኑ ኑሮ ሲወደድ ደመወዝም፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ እየተንጠባጠበ ይጨምራል። አይሱዙውም የጭነት ዋጋ ይጨምር ነበር። ወለድ ግን ሦስት ሚሊዮኑ ላይ የሚሰላ ስለሆነ ሦስት ሚሊዮኑ እስካላደገ ድረስ እሱም አያድግም። 25 ሺህ ዛሬም 25 ሺህ፣ ከአሥር ዓመት በኋላም 25 ሺህ። የዋጋ ንረቱ በአማካይ 14 በመቶ ቢሆን ያ 25 ሺህ ከአምስት ዓመት በኋላ የዛሬውን 13 ሺህ ያህል ይገዛል። ከአሥር ዓመት በኋላ 6,700። ብሩ ሳያልቅ ኑሮው ያልቃል ማለት ነው።

14ን ከየት አመጣሁት? ይፋዊው የዋጋ ንረት በ2014 ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከ35 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ስንነጋገር 17 ገደማ ላይ ነበር፣ በ2017 መጨረሻ ደግሞ ወደ 13 እና 14 ወረደ። ከዚህም ሊወርድ ይችላል። ግን ጋሼ ጡረታ በወጡበት ክረምት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ብር በገበያ እንዲመራ ተለቆ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አልፏል። ይህን ያየ ሰው ለ30 ዓመት ዕቅድ ሲያወጣ 5 በመቶ ብሎ አይገምትም። 14 ለእኔ አማካይ ግምት ነው፣ ትንቢት አይደለም።

ሁለተኛው ምርጫ 25 ሺሁን በየዓመቱ ከኑሮው ጋር እያሳደጉ መሄድ ነው። ዘንድሮ 25 ሺህ፣ ከርሞ 28,500፣ እንዲህ እያለ። ኑሮው ይጠበቃል። ገንዘቡስ? ወለዱ 11፣ ንረቱ 14 ከሆነ 3 ሚሊዮኑ በዘጠኝ ዓመት ገደማ ያልቃል። ጋሼ 69፣ እትዬ 65 ዓመታቸው ላይ ማለት ነው። በተራ የቁጠባ ሂሳብ ከሆነ ደግሞ ስምንት ዓመትም አይሞላ። (ብሔራዊ ባንክ ከ2010 ጀምሮ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፤ ብዙ ሰው የጡረታ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው።) በዓመት 300 ሺህ ከ3 ሚሊዮን 10 በመቶ ነው። 10 በመቶ ለ30 ዓመት አይዘልቅም።

ታዲያ ስንት ይዘልቃል? ልጃቸው ከውጭ በስልክ «4 በመቶ ነው ሕጉ» ብሏቸው ነበር። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የተወራ አይደለም። ዊሊያም ቤንገን የሚባል አሜሪካዊ የፋይናንስ አማካሪ በ1994 (በፈረንጅ) ያወጣው ጥናት ነው። ከ1926 ወዲህ ያለውን የአሜሪካ አክሲዮንና ቦንድ ታሪክ ወስዶ፣ በእያንዳንዱ ዓመት ጡረታ የወጣ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ስንት በመቶ አውጥቶ፣ ያንንም ከዋጋ ንረት ጋር እያሳደገ 30 ዓመት ሊኖር ይችል እንደነበር ፈተሸ። በጣም በከፋው ጊዜ እንኳ የሚዘልቀው 4 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በጣም የከፋው ጊዜ የቱ ነበር ቢባል ብዙ ሰው 1929ን ይጠራል፣ ገበያው የተንኮታኮተበትን። ግን አይደለም። በጣም የተጎዱት በ1960ዎቹ አጋማሽና ማብቂያ ላይ ጡረታ የወጡት ናቸው፣ ምክንያቱም ወዲያው የ1970ዎቹ የዋጋ ንረት መጣባቸው። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ጡረተኛን የጎዳው ንረት ነው።

ግን 4 በመቶው የቆመው የገንዘቡ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ አክሲዮን ላይ ሆኖ፣ ያ አክሲዮን በረጅም ጊዜ ከንረት በላይ በማትረፉ ነው። ጅማ ላይ ያለ ጡረተኛ ያን የት ያገኛል? የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው ገና በጥር 2017 ነው፣ የተመዘገቡትም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የባንክ አክሲዮን አለ፣ ትርፉም አንዳንዴ ጥሩ ነው፣ ግን ነገ ለመድኃኒት ሽጬ ላምጣ ብትል ገዢ በቶሎ አይገኝም። ስለዚህ የእኛ ጡረተኛ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ነው፣ ባንክ ውስጥ ደግሞ ወለዱ ከንረቱ ያንሳል። ገንዘቡ እያደገ ሳይሆን ቀስ እያለ እየቀለጠ ነው የሚቀመጠው። 11 ወለድ በ14 ንረት ላይ ማለት የመግዛት አቅሙ በዓመት 2.6 በመቶ ይቀንሳል ማለት ነው።

በዚህ ሒሳብ ለ30 ዓመት የሚዘልቀው 2.2 በመቶ ብቻ ይሆናል። ለ25 ዓመት ደግሞ 2.85። ንረቱና ወለዱ እኩል ቢሆኑ ስሌቱ እንዲያውም ሕፃን የሚሠራው ነው፦ 100ን ለዓመታቱ ማካፈል። ለ30 ዓመት 3.3፣ ለ25 ዓመት 4። ለምን 30 ዓመት? የሚቆጠረው በጋሼ ዕድሜ ሳይሆን በእትዬ ነው። 56 ላይ ናቸው፣ እናታቸው 88 ዓመት ኖረዋል። ደግሞ ጋሼ ቢቀድሙ ጡረታው በግማሽ ተቆርጦ ነው ለባለቤት የሚተላለፈው፤ 5,600 የነበረው 2,800 ይሆናል። ያን ጊዜ እትዬ የሚደገፉት በዚህ ገንዘብ ላይ ነው።

ሦስት ሚሊዮኑን በሙሉ ባንክ አስቀምጠው 3 በመቶ ቢያወጡ በወር 7,500 ብር ነው። ከጡረታው ጋር 13,100። የደብተሩ የመስከረም አስቤዛ ድምር ይኸው ነው፣ ሳንቲም አይተርፍም። መድኃኒት፣ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ የቤት ጥገና፣ ዘመድ ጥየቃ ሲጨመር እትዬ የሚሉት ትክክለኛው የወር ወጪ 17,500 ነው። 25 ሺሁ የምኞት ቁጥር ነበር። 17,500ው የደብተሩ ቁጥር ነው። ሥራችንን የጀመርነው ከዚህ ነው፣ ከወለዱ ሳይሆን ከወጪው።

እዚህ ላይ ልጆቹ ሐሳብ አመጡ። አንዱ «ባጃጅ ይገዛ» አለ። ባጃጅ ገቢ ያመጣል፣ ግን የሚያመጣው ገቢ የሹፌሩ ጉልበት ነው፣ ባጃጁ ደግሞ በየዓመቱ ያረጃል። ለ60 ዓመት ሰው ከአጂፕ ፈረንጅ አራዳ የሚመላለስ ሹፌር መቆጣጠር ጡረታ አይባልም። ሌላው «ቡና ገዝተን እናስቀምጥ» አለ። ቡና ያለ ፈቃድ ማከማቸት ጣጣ አለው፣ ዋጋውም ቢወጣም ቢወርድም በእጃችን አይደለም፣ እና ጋሼ ራሳቸው 30 ዓመት ቡና ሲያበጥሩ ኖረው ሐሳቡን ሲሰሙ ሳቁ። ሁለቱም ሐሳብ በወጣበት ቀረ።

የጀርባ ግቢው ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ሰፈር ክፍል ፈላጊ አይጠፋም፤ ተማሪ አለ፣ መምህር አለ፣ ሆስፒታል የሚለማመድ ሐኪም አለ። ሦስት የብሎኬት ሰርቪስ ክፍሎች በ900 ሺህ ብር ተገመቱ፣ መሬቱና አጥሩ ስላለ። እያንዳንዱ በወር 3,500 ብር ቢከራይና ዓመቱን ሙሉ ሳይሆን 10 ወር ብቻ ተይዞ ብንቆጥር (ክረምት ላይ ተማሪው ይሄዳል) 105,000 ይመጣል። ለግብር፣ ለቀለም፣ ለቧንቧ 15 ሺህ ቀነስን። ቀሪው 90,000፣ በወር 7,500።

ቁጥሩን አስተውሉ። ሦስት ሚሊዮኑን በሙሉ ባንክ አስቀምጦ በ3 በመቶ የሚገኘውን 7,500 ብር 900 ሺህ ብቻ አመጣው። ምስጢሩ ክፍሎቹ ብዙ ስላተረፉ አይደለም፤ 10 በመቶ ከባንኩ ወለድ ያንሳል እኮ። ልዩነቱ ኪራዩ ከኑሮ ጋር ስለሚጨምር ሙሉውን መብላት ይቻላል። ከባንኩ ወለድ ግን አብዛኛውን ዋናው ላይ መልሰህ ካልከመርክ ዋናው ይቀልጥብሃል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ የኪራይ ጭማሪን የሚቆጣጠር አዋጅ (1320/2016) ወጥቷል፣ ስለዚህ ኪራይ እንደድሮው በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ይጨምራል ብሎ መተማመን አይቻልም። ከንረቱ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል ብለን ነው የያዝነው።

ከሦስት ሚሊዮኑ 900 ሺህ ለክፍሎቹ ወጣ። 150 ሺህ ለድንገተኛ ነገር በቁጠባ ሂሳብ ተቀመጠ። የቀረው 1,950,000 ነው፣ የማውጫው ስሌት የሚሠራውም በዚህ ላይ ብቻ ነው። መነሻውን 3 በመቶ አልን። በዓመት 58,500፣ በወር 4,875 ብር። ሲደመር፦ ጡረታ 5,600፣ ኪራይ 7,500፣ ከተቀማጭ 4,875። ጠቅላላ 17,975። ከሚያስፈልገው 17,500 ትንሽ ይበልጣል።

2.2 ይዘልቃል ካልኩ በኋላ 3 ለምን? ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ 2.2 የሚመጣው ንረቱ ለ30 ዓመት ሙሉ 14 ላይ ተቸንክሮ ወለዱም 11 ላይ ቢቀር ነው፤ ይህ መጥፎ ግምት ነው፣ የማይሆን ግን አይደለም። ሁለተኛ፣ ቁጥሩን አንዴ ወስነን የምንተወው አይደለም። በየዓመቱ መስከረም ላይ አንድ ማካፈል እንሠራለን፦ የዘንድሮውን ማውጫ ለቀሪው ገንዘብ ማካፈል፣ በ100 ማባዛት። ያ ቁጥር ነው የሚናገረው። ከ4 በታች ከሆነ የወር ገቢው በደብተሩ ንረት ልክ ሙሉ በሙሉ ይጨመራል። ከ4 እስከ 5 ከሆነ ግማሹ ብቻ ይጨመራል። ከ5 ካለፈ በዚያ ዓመት ጭማሪ የለም፣ ባለፈው ዓመት ብር ይኖራል። ዕድሜ ሲገፋ መስመሮቹ ወደ ላይ ይነሳሉ፣ የሚቀረው ዓመት ስለሚያጥር፤ እትዬ 75 ሲሞላቸው 7 በመቶ ማውጣት የሚያስደነግጥ አይደለም።

ንረቱ 8 በመቶ ላይ ቢረጋ ይህ ቁጥር ከ3 ብዙም ፈቀቅ አይልም፣ ሁሉም ሰላም ነው። በ14 ቢቀጥል፣ ጭማሪውም ሙሉ ሆኖ ቢቀጥል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 4ን ያልፋል፣ ከስምንት ዓመት በኋላ 5 ይደርሳል። ማለትም ብሩ ከማለቁ ከብዙ ዓመት በፊት ደወሉ ይደወላል። ደወሉ ሲደወል የሚቀነሰው ጥቂት ነው፤ ሳይሰሙት ከቀጠሉ ግን ባዶ ሂሳብ ነው።

መነሻው ዝቅ ማለቱ ለምን እንደሚጠቅም ለማየት መጥፎ ጅማሬ እንሞክር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንደ 2014 ዓይነት፣ 34 በመቶ ንረት ቢሆኑስ? በ3 በመቶ የጀመረ ሰው በሦስተኛው ዓመት 4.7 ላይ ነው። ያሳስባል፣ ግን ሊስተካከል ይችላል። በ10 በመቶ የጀመረው በሦስተኛው ዓመት 18.7 ላይ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ንረቱ ዜሮ ቢሆን እንኳ አይመለስም። ክፉው ጊዜ መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ጉዳቱ ከኋላ ከሚመጣው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም በተወደደ ኑሮ ብዙ ብር የሚወጣው ገንዘቡ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ሲገባው ነው።

ጡረታውም ቢሆን ከኑሮ ጋር በራሱ አያድግም። መንግሥት አልፎ አልፎ ያሻሽለዋል፣ በየዓመቱ ግን አይደለም። ስለዚህ 5,600ው እየሳሳ ሲሄድ ክፍተቱን የሚሞላው ከተቀማጩ ነው። 3.5 ወይም 4 ብለን እንዳንጀምር ያስፈራኝ በዋናነት ይሄ ነው። ከሦስቱ የገቢ ምንጮች ከኑሮው ጋር አብሮ የሚራመደው ኪራዩ ብቻ ነው።

ወደ ወር ገቢ የመለወጡ ሥራ ትንሽ ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባንኩ «ወለዱን በየወሩ ወደ ቁጠባዎ እናስገባልዎታለን» ብሎ ነበር። በትህትና እምቢ አልን። በየወሩ 18 ሺህ ምናምን ሲገባ ያ ደመወዝ ይመስላል፣ ደመወዝ የመሰለ ነገር ደግሞ ይበላል። 1.95 ሚሊዮኑን በአራት ከፍለን በሁለት ባንኮች አስቀመጥን፣ አንዱ ሲደርስ ሌላው ሦስት ወር ይቀረዋል፣ እንዲህ እየተፈራረቁ። ጊዜው ሳይደርስ ከተሰበረ ወለዱ ስለሚቀር፣ አንዱ ቢሰበር እንኳ ሌሎቹ አይነኩም። ወለዱ ሁሉ እዚያው ዋናው ላይ ይጨመራል። የአንድ ዓመት ማውጫ፣ 58,500 ብር፣ ተለይቶ ቁጠባ ሂሳብ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ በቋሚ ትዕዛዝ በወሩ መጀመሪያ 4,875 ወደ እትዬ ሂሳብ ይተላለፋል። ጋሼ የኤቲኤም ካርድ ያላቸው በጡረታው ሂሳብ ላይ ብቻ ነው። ይህ የእትዬ ሐሳብ ነው፣ እኔ አላልኩም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ተቀማጩ ሲደርስ ባንኩ ሳይጠይቅ በአዲስ ዋጋ ሊያድሰው ይችላል። የጊዜ ገደብ ወለድ በድርድር ነው፣ ያልተደራደረ ሰው ዝቅ ባለው ይታደሳል። ከአራቱ አንዱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጋሼ ባንክ ይሄዳሉ። ዞሮ ዞሮ ሥራ ፈትተው መቀመጥ አልወደዱም፣ ይሄ ተስማማቸው።

ጎረቤት ያለ ሌላ ሽማግሌ ይህን ሰምተው «እኔስ ወለድ አልበላም፣ ለኔ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጅማ ላይ ይህ ጥያቄ የብዙ ሰው ነው። ስሌቱ ያው ነው፣ በወለዱ ቦታ የሚጠበቀው የትርፍ ድርሻ ይገባል። ትርፍ በማይጋራ፣ በአደራ ብቻ በሚቀመጥ ሂሳብ ከሆነ ግን የሚገባው ቁጥር ዜሮ ነው። በ14 ንረት፣ በ3 በመቶ ብቻ ቢወጣ እንኳ ገንዘቡ 13 ዓመት ገደማ ነው የሚቆየው። ለእሳቸው ዓይነት ሰው የትርፍ ድርሻ ያለው ሂሳብ ወይም ኪራይ ዓይነት ነገር ቅንጦት አይደለም፣ ግዴታ ነው። እሳቸው አሁን ሱቅ እያሠሩ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት እንዳቀድነው አልሄደም። ክፍሎቹ ዘገዩ። ሲሚንቶ ጠፋ፣ ቆርቆሮ ጨመረ፣ ግንበኛው ለገና ብሎ ሄዶ በጥምቀት ተመለሰ። ከግምቱ በላይ የወጣው 110 ሺህ ከድንገተኛው ገንዘብ ተከፈለ። ኪራዩ ስለዘገየ ደግሞ ከተቀማጩ 30 ሺህ ብር ተጨማሪ ወጣ። በድምሩ የዓመቱ ማውጫ 58,500 መሆኑ ቀርቶ 88,500 ሆነ።

መስከረም 2018 ላይ ደብተሩን ዘርግተን ማካፈሉን ሠራን። ተቀማጩ ከወለዱ ጋር 2,066,000 ገደማ ነው። የደብተሩ ንረት 14 ስለመጣ የአዲሱ ዓመት ማውጫ 66,690 ይሆናል፣ በወር 5,560። ሲካፈል 3.2 በመቶ። ከ4 በታች ስለሆነ ሙሉ ጭማሪው ተፈቀደ።

ጋሼ ግን ሌላ ነገር ይዘው ነበር የመጡት። ታናሿ ልታገባ ነው። 200 ሺህ ልስጣት አሉ። «ሁለት ሚሊዮን ካለ ሁለት መቶ ሺህ ምኑ ነው?» ብለው እኔን አዩኝ። አስልቼ አሳየኋቸው። 200 ሺህ ከወጣ ቁጥሩ ከ3.2 ወደ 3.6 ይዘላል፣ በአንድ ቀን የሁለት ዓመት ያህል ወደ ደወሉ ይቀርባል። 100 ሺህ ከሆነ 3.4 ነው። በዚያ ላይ የድንገተኛው ሂሳብ 40 ሺህ ብቻ ቀርቶታል፣ እሱም መሞላት አለበት። እትዬ ጣልቃ ገብተው «መቶውን ስጣት፣ የቀረውን እኔ ከእቁቤ እሞላለሁ» አሉ። እቁብ እንዳላቸው ጋሼም አያውቁም ነበር።

በዚያው ተወሰነ። ሦስቱም ክፍሎች አሁን ተይዘዋል፤ ድንገተኛው ሂሳብ ወደ 150 ሺህ እስኪመለስ ድረስ የአንዷ ክፍል ኪራይ ወደዚያ ይገባል። የሚቀጥለው ማካፈል መስከረም 2019 ላይ ነው።